ነህ፣ ነህልኝ፣ ጠፋህብኝ

ፕሮግራመሮች መሃል ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር አንዲት ገጽ አለች። አድራሻዋ `nohello.net` ነው። የምትለው ነገር አጭር ነው፦ ለሥራ ባልደረባህ “ሰላም” ብቻ ጽፈህ መልስ አትጠብቅ፣ ሰላምታህንም ጥያቄህንም በአንድ መልእክት ላክ። አንዱ “ሰላም” ብሎ፣ ሌላው አይቶ “ሰላም” እስኪመልስ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ጥያቄውን ጽፎ እስኪጨርስ ጊዜ ይባክናል። ምክሩ ለሥራ ልክ ነው፤ ፕሮፋይላቸው ላይ ሊንኩን የለጠፉ ሰዎችንም አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ሰው ኮድ ውስጥ ሰምጦ እያለ “አለህ?” የምትል መልእክት መጥታ ዝም ስትል ምን እንደሚሰማው ይገባኛል።

ችግሩ የሚመጣው ይቺ አስተሳሰብ ከሥራ ቻት ወጥታ ጓደኛሞች መሃል ስትገባ ነው። አሁን አሁን “ሰላም ብለህ ከምትጠፋ ነገሩን በቀጥታ ንገረኝ” የሚባለው በጓደኛም ላይ ሆኗል። እዚህ ላይ ግን ገጿ አንድ ነገር ቀድማ ወስዳለች፦ ሰላምታ የዋናው መልእክት መግቢያ ነው፣ ከኋላው አንድ “ነገር” አለ የሚለውን። በአማርኛ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው ምንም የለም። ሰላምታው ራሱ ነው ነገሩ።

ስለዚህ የምንላላካቸውን ሰላምታዎች እንደማንኛውም ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻል እንደሆነ ልሞክር። የትኛው ይሞቃል፣ የትኛው ይቀዘቅዛል፣ ለምን?

መጀመሪያ አፍ ላይ ያለውን ሰላምታ እንየው። ቃላቱን ብቻ ካየን ጥያቄ ይመስላል፦ እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? አራት ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን አንድ “ይመስገን” ነው። መረጃ የሚፈልግ ሰው አንድን ነገር አራት ጊዜ አይጠይቅም። ደግሞ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎችን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ተራ አይጠባበቁም። አንዱ “እንዴት ነህ” ሲል ሌላው “ደህና ነህ ወይ” እያለው ነው፣ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ስለ ልጆቹ እየጠየቀ ነው፣ እጃቸው ተጨባብጦ ትከሻቸው ሦስት ጊዜ እስኪጋጭ ድረስ ሁለቱም ያወራሉ። ማንም ማንንም አቋረጠ አይባልም።

እኛ ሙያ ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንደኛው እንደ ስልክ ነው፣ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መናገር ይችላል። ሌላው እንደ ፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ ነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። የኛ ሰላምታ የተሠራው ለመጀመሪያው መስመር ነው። ቴክስት ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ አፍ ላይ በስድስት ሰከንድ ተደራርቦ የሚያልቀው ነገር፣ ቻት ላይ በየተራ ይቆራረጥና ግማሽ ቀን ይፈጃል። እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ብቻውን ስለሚቆም ሰው በቁም ነገር ያነበዋል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንውሰድ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የኖሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዷ አዲስ አበባ ነች፣ ሌላዋ ሐዋሳ። አራት ወር ያህል ሳይገናኙ ቆይተው የተላላኩትን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አየሁት። ማክሰኞ ከሰዓት እንዲህ ይጀምራል፤

“ሰላም”
“ሰላም”
“እንዴት ነሽ”
“ደህና ነኝ 🙂 አንቺስ”
“ደህና”

በመጀመሪያው “ሰላም” እና በመጨረሻው “ደህና” መሃል ሦስት ሰዓት ተኩል አለ። ከዚያ ጸጥታ። ሐሙስ ማታ ደግሞ፤

“ጠፋሽ ግን”
“ስራ ነው 😅”
“እሺ”

በቃ። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ የጎደለ ስነ ሥርዓት የለም። እንዴት ነሽ ተብሏል፣ ደህና ነኝ ተብሏል፣ አንቺስ ተብሏል። ግን ሁለቱንም ለየብቻ ስጠይቃቸው ሁለቱም አንድ ነገር ነው የነገሩኝ፦ “ትንሽ ቀዝቅዛብኛለች።” እንግዲህ ቅዝቃዜው የት ገባ?

ከ“ጠፋሽ” ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምትገርመው ቃል እሷ ነች። በአካል ስንገናኝ “ጠፋሽ!” ማለት ፍቅር ነው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ “አንቺ ልጅ ጠፋሽ እኮ!” ሲል ወቀሳ መሆኑን ማንም አያስብም። ጽሑፍ ላይ ግን እጁም ፊቱም የለም፣ የቀረው ባዶ ግሡ ነው። ግሡ ደግሞ ባለቤት አለው፦ የጠፋሽው አንቺ ነሽ። በዚያ ላይ “ግን” ተጨምራበታለች። ስለዚህ የደረሳት ልጅ ማድረግ የምትችለው መከላከል ብቻ ነው፣ “ስራ ነው” አለች። ክስ ቀረበ፣ መከላከያ ቀረበ፣ “እሺ” ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

አሁን ሁለት ፊደል እንጨምር፦ “ጠፋሽብኝ።”

ይቺ “ብኝ” ምን እንደምትሠራ ሁላችንም ሳናስበው እናውቃለን። ብርጭቆ ተሰበረ እና ብርጭቆ ተሰበረብኝ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ላይ ጉዳቱ እኔ ላይ ደርሷል። ቁልፉ ጠፋብኝ፣ ሰው ሞተብኝ፣ ዝናብ መጣብኝ። ስለዚህ “ጠፋሽብኝ” ስትል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ሰው ተጨመረ፣ እሱም ተናጋሪዋ ናት፣ የገባችውም እንደ ተጎጂ ነው። አሁን ጥያቄው ለምን ጠፋሽ መሆኑ ይቀርና፣ ስትጠፊ እኔ አንድ ነገር አጣሁ የሚል ይሆናል። ለዚህ “ስራ ነው” ብሎ መመለስ ይከብዳል። ሰው ሳያስበው “አንቺም እኮ ጠፋሽብኝ” ይላል።

የ“ብኝ” እህት “ልኝ” ናት። ሠራ እና ሠራልኝ፣ መጣ እና መጣልኝ። ጥቅሙ ለኔ ነው የምትል ምልክት። ይህችን ሰላምታ ላይ ስንሰካት፣ “እንዴት ነሽልኝ?” “ደህና አደርክልኝ?” “አለህልኝ?” ስንል፣ ትርጉሙን ቃል በቃል ካየነው የሚገርም ነገር ነው የምንለው፦ ያንተ ደህና መሆን ለኔ ጥቅም ነው፣ መኖርህ ለኔ ነው። ይህን በሌላ ቃል ልበለው ቢባል ሰው ያፍራል። ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እርስ በርስ “መኖርህ ያስደስተኛል” አይባባሉም። “አለህልኝ ወይ ጌታዬ” ግን ይባባላሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው፣ ባጃጅ ላይ ሆነው።

ለዚህ ነው “አለህ?” እና “አለህልኝ?” መሃል ያለው ርቀት ከሁለት ፊደል በላይ የሚሆነው። “አለህ?” የምትል መልእክት ስትመጣ ብዙዎቻችን ሳንከፍታት የምንገምተው ነገር አለ፤ ወይ ብር ልትበደር ነው፣ ወይ ላፕቶፕ ልታስጠግን ነው። “አለህ?” መኖርህን ታጣራለች፣ ልክ ሰርቨር በርቶ እንደሆነ እንደሚጣራው። በእርግጥ “አለህልኝ?” ብሎም ብር የሚበደር አለ። እንዲያውም ጎበዝ ተበዳሪ እሱ ነው።

ወደ ሁለቱ ጓደኞች ስንመለስ፣ የማክሰኞውና የሐሙሱ ቻት ውስጥ አንድም “ልኝ” አንድም “ብኝ” የለም። በምትኩ ኢሞጂ አለ፣ 🙂 እና 😅። ስለ ኢሞጂ የሚባለው ነገር የታወቀ ነው፦ ጽሑፍ ፊት የለውም፣ ኢሞጂ ፊት ይሆነዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግን እኛ ሰላምታ ላይ ሲሞከር አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ኢሞጂ መጠየቅ አይችልም። መመለስ ይችላል። “እንዴት ነህ?” ሲባል 🙏 ብሎ መመለስ ሙሉ መልስ ነው፤ ዩኒኮድ ላይ የተመዘገበው ስሙ የታጠፉ እጆች ይሁን እንጂ ለኛ ግልጽ አማርኛ ሆኗል፣ “ይመስገን” ወይም “አልሐምዱሊላህ” ማለት ነው። 😂 መልስ ነው፣ 😩 መልስ ነው፣ 💪 መልስ ነው። “እንዴት ነህ?” የሚል ኢሞጂ ግን የለም። 👋 መጣሁ ይላል እንጂ አይጠይቅም። 🤝 ውል የፈረምን ያስመስላል፤ ትከሻ ለትከሻ ለሚጋጭ ሰላምታ ደግሞ እስካሁን ምንም ምልክት የለም። የኛ ሰላምታ ደግሞ ሙቀቱ ያለው መልሱ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ላይ ነው፣ ደጋግሞ በመጠየቁ። ስለዚህ ኢሞጂ የሚያሞቀው የሰላምታውን ቀዝቃዛ ግማሽ ነው።

ቴሌግራም መልእክት ላይ በጣት ነክቶ ልብ ወይም አውራ ጣት መለጠፍ ካስቻለን ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። “እንዴት ነህ ወንድሜ?” ተብሎ ተጽፎለት 👍 ለጥፎበት የሄደ ሰው አይቻለሁ። እሱ መለሰ ብሎ ነው የሚያስበው። ጠያቂው የሚያየው ግን ጥያቄው ላይ ማህተም እንደተመታበት ነው። ጥያቄ ይዞ ቢሮ ገብቶ “ታይቷል” ተብሎ እንደ መውጣት።

🙂 ደግሞ ለብቻዋ ትታይ። ስሟ “ትንሽ ፈገግ ያለ ፊት” ነው። ትንሽነቷ ነው ጣጣዋ። አጠገቧ ሙሉ ጥርሱን ያሳየ 😁 እና ጉንጩ የቀላ 😊 እያለ ይህችን መምረጥ፣ የፈገግታውን መጠን ለክቶ መስጠት ሆኖ ይነበባል። ሐዋሳ ያለችው ጓደኛዬ “እኔ እኮ ፈገግ ብዬ ነው የላክሁት” ትላለች። አምናታለሁ። የደረሳት ልጅ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ ፈገግታ ነው ያየችው። “ጠፋሽ 🥺” እና “ጠፋሽ 😒” መሃል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፣ እዚያ ላይ ኢሞጂ ሥራውን ይሠራል፤ ግን የሚሠራው ከውጭ ሆኖ ነው፣ ቃሉ ክስ ሆኖ ቀርቶ ፊቱ ብቻ ነው የሚለዋወጠው። “ጠፋሽብኝ” ላይ ቃሉ ራሱ ተለውጧል፣ ፊት አያስፈልገውም።

በነገራችን ላይ የፊደላችን ጠባይም ከዚህ ውስጥ አለበት። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው `selaaaam` ብሎ አናባቢዋን መጎተት ይችላል፣ ስትነበብም ትጎተታለች። በፊደል ግን እያንዳንዷ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘች ናት። “ላ”ን ልጎትት ብዬ “ሰላላላም” ብጽፍ የሚንተባተብ ሰው ይመስላል። መላ ያገኘ ሰው “ሰላአአአም” ይጽፋል፣ ወይ ደግሞ መጨረሻዋን ይዞ “ሰላምምም” ይላል። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም፤ “አለ” ብላችሁ ስትጽፉ ተናገረ ይሁን ይኖራል ይሁን የሚለየው አንባቢው ነው። ሰላምታ ላይ ደግሞ ብዙው ስሜት ያለው እዚያው መጎተቱና መጥበቁ ላይ ነው። አፍ ላይ “እንዴት” የምትለዋ ቃል ብቻዋን ስንት ዓይነት እንደሆነች አስቡት፤ ለአለቃ የምትባለው እንዴት፣ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው የምትባለው እንዴት፣ ብር ሳይከፍል ለጠፋ ሰው የምትባለው እንዴት። ሲጻፉ ሁሉም አንድ ናቸው።

በሌላ በኩል ፊደላችን ሳይሆን ሰዋስዋችን አንድ ነገር ላይ እንግሊዝኛ የማይችለውን ይችላል፣ ማን እንደተጠራ መደበቅ አይቻልም። ነህ፣ ነሽ፣ ናችሁ፣ ነዎት፤ ሳይመርጡ ሰላም ማለት አይቻልም። ይህ የሚታየው በዓል ሲመጣ ነው። መስከረም 1 ጠዋት ስልካችሁ ላይ የሚደርሱትን ተመልከቱ። አደይ አበባ ያለበት ምስል፣ ከሥሩ “እንኳን አደረሳችሁ።” አንድ ሰው ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ “አችሁ” ማን ነው? ለሁለት መቶ ሰው እንደተላከ የሚናገረው አንድ ቅጥያ ነው። ከሱ የባሰው ደግሞ “እንኳን አደረሰህ/ሽ” ነው። ያቺ እዝባር ወንድ ልሁን ሴት ልሁን ላኪው ሲጽፍ እንዳላሰበኝ በግልጽ ትነግረኛለች። በእንግሊዝኛ “ሃፒ ኒው ይር” ብሎ ለሺህ ሰው የላከ አይነቃበትም። በአማርኛ ይነቃበታል። በተቃራኒው ባዶ “እንኳን አደረሰሽ” የሚል፣ ምስል የሌለው፣ አበባ የሌለው መልእክት ከሁሉም ይበልጣል፣ “ሽ” ለአንድ ሰው ተብላ ስለተጻፈች።

አሁን ወደ ቮይስ። ከሐሙሱ “እሺ” በኋላ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ያለችው የ24 ሰከንድ ቮይስ ላከች። ልጻፈው፤

“አንቺ ልጅ! እንዴት ነሽልኝ? ደህና ነሽ? … ኧረ ጠፋሽብኝ እኮ። ደህና ነሽ ግን? እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? … እኔ ደህና ነኝ፣ ይመስገን። ታክሲ እየጠበቅኩ ነው፣ ሰልፉ አይነገርም … ምንም አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው። በቃ ቻው፣ ቻው ቻው ቻው።”

መልሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ፣ የ41 ሰከንድ ቮይስ። የማክሰኞው ሰላምታ ሦስት ሰዓት ተኩል እንደወሰደ አስታውሱ።

ብዙ ሰው “ድምፅ ነዋ፣ ድምፅ ይሞቃል” ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቃላቱን ነው የማየው። ቮይሱ ውስጥ “እንዴት ነሽ” ሳይሆን “እንዴት ነሽልኝ” ነው። “ጠፋሽ” ሳይሆን “ጠፋሽብኝ” ነው። “ደህና ነሽ” ሁለት ጊዜ ተጠይቋል። የእናቷ ጉልበት አለ፣ ማለትም ለዚህች ልጅ እንጂ ለሌላ ለማንም ሊላክ የማይችል አንድ ጥያቄ አለ። መልስ ሳትጠብቅ የራሷን መልስ ሰጥታለች፣ “እኔ ደህና ነኝ።” እና “ዝም ብዬ ነው” የምትለዋ አለች፣ እሷን ለብቻ እመለስባታለሁ። ያቺው ልጅ ጣቷ ላይ ስትሆን እነዚህን ሁሉ ጣለቻቸው፣ አፏ ላይ ስትሆን ሳታስብ መጡ። ቴክስት አልከለከላትም። ስትጽፍ ግን እንደ `nohello.net` ሰው ነው የምትሆነው፣ ትርፍ የመሰለውን ትቆርጣለች። የኛ ሰላምታ ደግሞ ሙሉው ትርፍ ነው።

ለሙከራ ያንን ቮይስ ወደ አንድ ቴክስት እንቀይረው፤

“አንቺ ልጅ አለሽልኝ? ጠፋሽብኝ እኮ። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ ይመስገን፣ ዝም ብዬ ነው ❤️”

ይህንን ለሐዋሳዋ ጓደኛዬ አሳየኋት፣ “ይሄ ቢመጣልኝ ወዲያው ነበር የምደውለው” አለች። ቁምነገሩ በአንድ መልእክት መላኩ ላይ ነው። በአምስት ቁራጭ በየተራ ቢላክ እያንዳንዷ ጥያቄ መልስ እየጠበቀች ትንጠለጠላለች። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ተቀባይዋ አንድ በአንድ መመለስ እንደሌለባት ይገባታል፣ ልክ መንገድ ላይ እንደሚሆነው። የሚገርመው ነገር `nohello.net` የምትለውም ሁሉንም በአንድ መልእክት ላክ ነው። እሷ ግን ሰላምታውን አሳጥረህ ከሥራው ጋር አጣብቀው ትላለች፤ እኛ የምንፈልገው ሰላምታውን አርዝሞ ሥራውን መተው ነው።

“ዝም ብዬ ነው” ማለት ከላይ እንዳልኩት ከኋላዬ ምንም የለም የምትል ማረጋገጫ ናት። ስልክ ስንደውልም “ምነው በሰላም?” ስንባል የምንላት ናት። ተቀባዩ እስከ መጨረሻው ድረስ “አሁን የፈለገውን ሊናገር ነው” እያለ ይጠብቃል፣ ይህች ስትመጣ ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ቮይስ ቀዝቃዛ የሚሆንበትን ጊዜ መለየት የሚቻለው፣ ውስጡ ጉዳይ ካለ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ቮይስ ተልኮ፣ ሁለት ደቂቃው “እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ” ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ “አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር” ሲባል ከኋላ ተመልሶ ሰላምታው ሁሉ ይበላሻል። ያ ሁሉ “ልኝ” ማታለያ ሆኖ ይሰማል። ጉዳይ ካለ ጉዳዩ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰው በዓይኑ ይቃኘዋል፣ ተመልሶ ይፈልገዋል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከቮይስ ላይ እያስቆሙ መጻፍ ግፍ ነው።

ርዝመትም አለ። ሰላምታ ብቻ የያዘ ቮይስ ከግማሽ ደቂቃ ሲያልፍ ሰውየው “ጆሮ ማዳመጫ ሳገኝ እሰማዋለሁ” ይላል፣ ያቺ ያልተሰማ ቮይስ ላይ የምትቀር ሰማያዊ ነጥብም እንደ ዕዳ ሁለት ቀን ትቀመጣለች። ሚኒባስ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቤተሰብ መሃል ያለ ሰው የሌላ ሰው ድምፅ በድንገት መክፈት አይችልም። ስለዚህ ቮይስ የሚሞቀው ሰውየው መክፈት በሚችልበት ሰዓት፣ አጭር ሆኖ፣ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። ያረፋፈደ ቅዳሜ ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አይደለም። ለለቅሶና ለከባድ ሕመም ደግሞ ቴክስትም ቮይስም አይሆንም፣ እሱ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም፤ ይደወላል፣ ከተቻለ ይኬዳል።

ቃላቱ ሁሉ ቴክስት ላይ ከቻሉ ታዲያ ለቮይስ ብቻ የሚቀር ነገር አለ ወይ? አለ። የ24 ሰከንዱን ቮይስ ስጽፈው ሦስት ነጥብ ያደረግኩባቸው ቦታዎች አሉ። “ደህና ነሽ? …” ብላ ዝም ትላለች፣ አንድ ሰከንድ እንኳን አትሞላም። እዚያ ቦታ ላይ ጓደኛዋ ትመልሳለች ብላ ነው፣ የሌለችውን ልጅ መልስ ቦታ ትታላታለች። ከሁለተኛው ዝምታ በኋላ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ስባ “እህ” ትላለች፣ ያቺ ውጭ አገር ሰው ሲሰማት ደነገጠች ወይ ብሎ የሚጠይቃት፣ እኛ ግን “አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው” የምንልባት ትንፋሽ። ገና ምንም ላልመለሰላት ሰው እየሰማሁሽ ነው እያለች ነው። ይህን የሚጽፍ ፊደል የለንም። “እህ” ብዬ ብጽፈው ትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ አይታወቅም፣ በጽሑፍ ብቻዋን ከመጣች ደግሞ “እና?” የምትል ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቻዎችም እንደዚያው ናቸው። የመጀመሪያው ለመሰናበት ነው፣ ሦስቱ ጣቷን ከማይክራፎኑ ላይ ማንሳት ስላቃታት ነው፣ እየፈጠኑና እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ አራተኛው ግማሹ ተቆርጧል። ሐዋሳ ያለችው ልጅ ቮይሱን በ2x ከፍታ ስትሰማው ጀመረች፣ ሁሉንም በዚያ ፍጥነት ነው የምትሰማው። “ጉልበታቸው” ላይ ስትደርስ አቁማ ከመጀመሪያው በ1x ከፈተችው።